የኩላሊቱ ሥራ ለቀነሰ ልጅ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን

«የምሠራው ወልድያ ነው። የ6 ዓመት ልጅ፣ 18 ኪሎ፣ ቁመቱ 110 ሴ.ሜ፣ ክሬቲኒኑ 2.0። ለከባድ የሳንባ ምች አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ታዞለታል። ዶዙን በግማሽ ልቀንሰው?»

ኧረ በጭፍን በግማሽ እንዳትቀንሰው ወንድሜ። መጀመሪያ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚያጣራ አስላ፦

```
0.413 × 110 ÷ 2.0 = 22.7
```

ይህ ክሬቲኒኑ በmg/dL ከሆነ ነው። ላቦራቶሪው በµmol/L ከሰጠህ ለ88.4 አካፍለው።

አምፒሲሊን ላይ የመጀመሪያውን ዶዝ ሙሉውን ስጠው። በኪሎ 50 ሚ.ግ. ካልን 900 ሚ.ግ. ነው። ኩላሊት የሚያዘገየው መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ስለሆነ የመጀመሪያውን መቀነስ ኢንፌክሽኑን ማባበል ነው። ከዚያ በኋላ ያው 900 ይቀጥላል፣ ግን በየ6 ሰዓቱ መሆኑ ይቀርና በየ8 እስከ 12 ሰዓቱ ይሆናል።

ጄንታማይሲኑን ግን እኔ ብሆን አልነካውም። ኩላሊትንም ጆሮንም ይጎዳል፣ በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ላቦራቶሪ ደግሞ እኛ አካባቢ እንደልብ አይገኝም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ሁለቱንም በሴፍትሪያክሶን ብትተኩ ይሻላል። በኪሎ 50 ሚ.ግ.፣ ማለትም 900 ሚ.ግ. በቀን አንዴ። ከፊሉ በሐሞት በኩል ስለሚወጣ ጉበቱ ደህና ከሆነ አይቀነስም። ከካልሲየም ግሉኮኔት ወይም ካልሲየም ካለበት ሪንገር ጋር ብቻ በአንድ መስመር እንዳይገናኝ።

አንድ ወጥመድ አለ። ስሌቱ የሚሠራው ክሬቲኒኑ ከረጋ ነው። ትናንት 1.2 ኖሮ ዛሬ 2.0 ከገባ ትክክለኛው ማጣሪያ ከ22 በታች ነው። ሽንቱ ከቆመ ደግሞ ቁጥሩን ተወውና ከ10 በታች እንደሆነ ቁጠረው፣ አምፒሲሊኑም በየ12 ሰዓቱ ይሁን፣ ልጁንም ቶሎ ወደ ደሴ ሪፈር በሉት። ክሬቲኒኑን በየቀኑ ድገሙት፣ ሲሻሻል ሰዓቱን መልሳችሁ አጥብቡት።