የአራት ትውልድ ታሪክ በአንድ ገጽ፦ እኔን ያስከፈለኝ ሦስተኛው ትውልድ ነው

«አራት ትውልድ የሚሸፍን ልቦለድ ጨርሻለሁ፤ በኮምፒውተር ተለቅሞ 590 ገጽ ሆኗል። አሳታሚው "መጀመሪያ ጭምቁን በአንድ ገጽ አምጪ" አለኝ። የቱን ይዤ የቱን እንደምተው ግራ ገባኝ። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ። ከቃሊቲ ነኝ።»

እህቴ፣ እኔ ለገጣፎ ነኝ፤ የኔው 640 ገጽ ነበር። ለዚያች አንድ ገጽ ሰባት ወር ከፍያለሁ። አንቺ እንዳትከፍዪ የማውቀውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. መጨረሻውን ጻፊው። እኔ የመጀመሪያውን ጭምቅ «ሰናይት ምን ትወስን ይሆን?» ብዬ ነበር የዘጋሁት። ሰናይት የልቦለዴ የመጨረሻዋ ትውልድ ናት፤ ልብ የሚያንጠለጥል መስሎኝ ነው። ገጹ ሲመለስልኝ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ደራሲውም አያውቅም?» ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ስድቡ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። ማንጠልጠል ለመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ነው፤ እሱን የሚያነበው ገዢ ነው። ይህችን ገጽ የሚያነበው ሰው ግን ታሪኩ መቋጫውን ማግኘት አለማግኘቱን ሊያይ ነው የፈለጋት።

2. የአገር ታሪክ የቤተሰብሽ ታሪክ መታጠፊያ አይደለም። ያንቺም እንደኔው ከጣሊያን ዘመን ተነስቶ ወደዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ አብዛኛው የኛ አገር የትውልድ ልቦለድ እንደዚያ ነው። የኔ የመጀመሪያ ገጽ «ልቦለዱ ከ1928ቱ ወረራ ጀምሮ በአርበኞች ተጋድሎ፣ በ1966ቱ አብዮት፣ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ አልፎ...» እያለ ይሄድ ነበር። ከጣፎ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ በሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ሁለት ሰዓት ተኩል የመጀመሪያው አሳታሚ ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ከጠበቅሁ በኋላ የመጣው ሰውዬ ቆሞ አነበበና፣ ሳይቀመጥ፣ እኔንም ተቀመጥ ሳይል «ይሄ የስምንተኛ ክፍል ታሪክ ነው፤ ቤተሰቡ የታለ?» ብሎ መለሰልኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ለአንድም ተማሪ እንዲህ ቆሜ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

እስቲ በራሴው ታሪክ ላሳይሽ፤ አለበለዚያ ነገሩ አየር ላይ ይቀራል። ታላቅ ወንድም ለማይጨው ሲዘምት ግማሽ ጋሻ መሬቱን ለታናሹ ለተሰማ አደራ ይሰጣል። አይመለስም። ጣሊያን ሲወጣ፣ በ1933፣ ተሰማ «ወንድሜ ከመዝመቱ በፊት ሸጦልኛል» ብሎ በሐሰት ይምላል። የሟች ሚስት አስካለ በባሏ መሬት ላይ ጭሰኛ ትሆናለች። ልጇ ኃይሌ የአባቱን መሬት እያረሰ የምርቱን እኩሌታ ለአጎቱ ይገብራል። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ ኃይሌ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ቁሚ። መታጠፊያው የቱ ነው? እኔ «አዋጁ የቤተሰቡን ዕጣ ይቀይራል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ውሸት ነው። አዋጁ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ድርሻ ይፈቅድ ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌው ተሰማ ከነልጆቹ ቢያንስ ለጉርሱ የሚሆን መሬት ይደርሰው ነበር። ያልደረሰው ኃይሌ ማታ በኩራዝ መዝገቡን ከረቂቁ ሲገለብጥ የአጎቱን ቤተሰብ ስም ሆን ብሎ ስለዘለለው ነው። መታጠፊያው ይህ ነው። ቀኑ ከመንግሥት መጣ፤ እጁ ግን የኃይሌ ነው። እኔ እንዲህ ነው የምለየው፦ ያ ሰው በዚያች ሰዓት ሌላ ማድረግ ይችል ነበር? ካደረገውስ በኋላ መመለስ ይቻላል? መጀመሪያው «አዎ»፣ ሁለተኛው «አይ» ከሆነ ገጹ ላይ ይገባል። ወረራው፣ አብዮቱ፣ ድርቁ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት በሦስት ቃል ይበቃቸዋል፤ «አዋጁ በወጣበት ዓመት» ብለሽ ታልፊያለሽ።

3. የስም ብዛት። ገጹ ላይ ስም ያላቸው ሰዎች ከአምስት አይብለጡ። የኛ አጠራር ደግሞ እዚህ ላይ ያግዝሻል፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኃይሌ፣ ከዚያ ግርማ ኃይሌ፣ ከዚያ ሰናይት ግርማ ብለሽ ስሙን መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ከነአባቱ ከጻፍሽው ማን ከማን እንደተወለደ ሳትናገሪ ታወቀ። «የልጅ ልጁ የሆነችው» የሚለው ሁሉ ይወድቃል። በሌላው ወገን ያለውን ሰው ደግሞ «የተሰማ የልጅ ልጅ» ብለሽ ስም ሳትሰጪው ተዪው፤ አንባቢው የማን ወገን እንደሆነ እንጂ ስሙን አይፈልግም።

4. አራተኛው ዝም ያለውን ትውልድ እንዳትቆርጪ ነው። ሰባቱን ወር የበላኝ ይኸው ስለሆነ ቁጥሩን ትቼ እንደሆነው ልንገርሽ።

ግርማ ኃይሌ ሦስተኛው ትውልድ ነው። በልቦለዱ 140 ገጽ ይዟል፤ ግን ምንም አያደርግም። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ፋብሪካ ጥበቃ ሆኖ ይሠራል፣ ይሞታል። ጭምቁን በአንድ ገጽ ለማስገባት ስታገል ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቆረጥኩት። ገጹም ደስ ብሎት ገባ። ሐሰተኛው መሐላ አለ፤ ከመዝገቡ የተዘለለው ስም አለ፤ በመጨረሻ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ለመሬቱ ካሳ ሲከፈል ሰናይት የተሰማን የልጅ ልጅ ፈልጋ ወደ ቢሮው ታስጠራዋለች፤ ካሳውን ለሁለት ይካፈላሉ። አማረልኝ ብዬ አስገባሁት። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ ሁለተኛው አሳታሚ ቤት «መጨረሻው ከሰማይ የወረደ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ አንድ ቃል የለም። ሄጄ ላስረዳ ብል ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ጀርባ ሆና «ጋሼ፣ ተመልሷል ማለት ተመልሷል ማለት ነው» አለችኝ።

ምን እንደጎደለ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ልቦለዱን አላነበበችም። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ገጹን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ በማግስቱ ደውዬ «እስቲ ታሪኩን መልሰሽ ንገሪኝ» አልኳት። ከመሐላው ጀምራ እስከ ኃይሌ መዝገብ ድረስ ሳትስት ሄደች፤ እዚያ ስትደርስ ቆመች። «ከዚያ ያቺ ልጅ... ግን እሷ ይሄን ሁሉ ከየት አወቀች?» አለች። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ግርማ ነዋ! ኃይሌ በሞት አልጋው ላይ የዘለለውን ስም ነግሮት፣ ስሙ ያለባትን የመዝገቡን የመጀመሪያ ረቂቅ ሰጥቶታል። ግርማ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባት ዕድሜውን ሙሉ ለማንም አይናገርም። ሰናይት የምታገኘው ለካሳው ማስረጃ ስትፈልግ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ «ምንም አያደርግም» ያልኩት ሰው ትልቁን ነገር አድርጓል፤ መናገር እየቻለ ዝም ብሏል። የቆረጥኩት ሰውየውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አያትን ከልጅ ልጅ ያያያዘውን ገመድ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ገጹን ከፊት ወደ ኋላ አትጻፊው፤ ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ መጀመሪያው ሂጂ። ባዶ ወረቀት ላይ የመጨረሻውን ድርጊት ጻፊ፦ ሰናይት ካሳውን ታካፍላለች። ለምን? ረቂቋን ስላገኘች። ለምን ሳጥን ውስጥ ነበረች? ግርማ ስለደበቃት። ረቂቋ ላይ ያለው ስም ለምን ከመዝገቡ ተዘለለ? ኃይሌ ስለተበቀለ። ለምን ተበቀለ? ተሰማ ስለማለ። አምስት ዓረፍተ ነገር ወጣ። አጽሙ ይኸው ነው፤ በዚህ ጉዞ ያልተጠራ ሰው፣ የቱንም ያህል ብትወጂው፣ ገጹ ላይ ቦታ የለውም። እኔ የምወዳት የአስካለ እህት፣ አርበኛዋ፣ 70 ገጽ አላት፤ ገጹ ላይ አንድ ፊደል የላትም። አመመኝ፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ አለች።

ከዚያ ገልብጠሽ በጊዜ ቅደም ተከተል ታሰፊዋለሽ። የኔ ገጽ በኒያላ ፊደል፣ በ12 መጠን፣ ወደ 350 ቃል ይይዛል። ለአደራውና ለመሐላው 90፣ ለኃይሌ 110፣ ለግርማ 31፣ የቀረው ለሰናይት ነው። ተመልከቺ፣ 140 ገጽ የነበረው ግርማ በ31 ቃል አለቀ፤ ግን ገብቷል። እንዲህ ነው የሚለው፦

«ኃይሌ ሊሞት ሲል የዘለለውን ስም ለልጁ ለግርማ ኃይሌ ይናዘዝለታል፤ ረቂቋንም ይሰጠዋል። ግርማ የአባቱን ስም ላለማጉደፍና ያለችውን መሬት ላለማጣት ሲል ይቆልፍባታል። የተሰማ ልጆች በዚሁ ከተማ ጫፍ በቀን ሥራ ሲኖሩ እያየ ሳይናገር ይሞታል።»

ዓረፍተ ነገሮቹን «ይምላል፣ ይዘላል፣ ይቆልፋል» እያልሽ በአሁን ጊዜ ጻፊያቸው፤ «ነበር» ሲበዛ ገጹ ይጎተታል። ሲያልቅ ደግሞ «ከዓመታት በኋላ»፣ «በዚህ መሃል»፣ «በሌላ በኩል» የሚሉትን በእስክሪብቶ ክበቢያቸው። እነሱ ባሉበት ሁሉ አንድ ምክንያት ተቆርጧል ማለት ነው። እኔ የሰናይትን ክፍል «ከዓመታት በኋላ» ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ የግርማ መቃብር እዚያ ነበር። ክበቡ ያለበትን ቦታ «ስለዚህ» ወይም «ምክንያቱም» ብለሽ ሞክሪው፤ እምቢ ካለሽ የጎደለውን ሰው ከመጽሐፉ ፈልጊ።

ያንቺ ታሪክ ሁለት ቤተሰብ ጎን ለጎን የሚሄድበትና በመጨረሻ የማይገናኙበት ከሆነ ግን ይህ መንገድ ሁለቱን አይሸከምልሽም። ያኔ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው፤ ሌላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታነሺዋለሽ።

ሦስተኛውን ገጽ ያነበበችው አርታኢ በሳምንቱ ደወለችልኝ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ግርማ ለምን ዝም አለ?» ነበር። ሙሉውን አምጣ ተብዬ 640ውን ገጽ በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ይዤ ሄድኩ። አሁን አርትዖት ላይ ነው። ገጽሽን ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፤ ክበቦቹን እኔ አደርግልሻለሁ።