የአሻራ ቀጠሮን በሆስፒታል ምክንያት ስለማዛወር

«እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች፣ የUSCIS አሻራ ቀጠሮዋ ደግሞ ሐሙስ ነው። ምን ብዬ ላስቀይርላት?»

እግዚአብሔር ይማርልዎት። ዋናው ነገር ጥያቄው ከቀጠሮው ሰዓት በፊት መድረሱ ነው። ዝም ብለው ከቀሩ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ሊቆጠር ይችላል።

በእናትዎ የmyUSCIS አካውንት ገብተው ያዛውሩ። ከ12 ሰዓት በታች ከቀረ ወይም ቀድሞ ሁለት ጊዜ ከተዛወረ ግን በድረ ገጹ አይሆንም፤ ወደ 800-375-5283 ይደውሉ። ቀጠሮው ካለፈም በስልክ ብቻ ነው፤ ያኔ የዘገዩበትንም ምክንያት ይጠየቃሉ።

ሆስፒታል መተኛት በቂ ምክንያት ተብሎ በመመሪያቸው ተጠቅሷል፣ ስለዚህ ማብዛት አያስፈልግም። «ታምማለች» ብቻ ማለት ግን ደካማ ነው፤ ለምን መምጣት እንደማትችል አይናገርምና። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «አመልካቿ ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝተው እየታከሙ ነው። ሐኪሙ እስከ ዓርብ አይወጡም ስላለ ሐሙስ መቅረብ አይችሉም።» ይህንን በእንግሊዝኛ ይጻፉት።

የበሽታውን ዓይነት መዘርዘር አይጠበቅብዎትም። ከሆስፒታሉ የገቡበትን ቀንና የሚወጡበትን ግምት የያዘ ደብዳቤ አሁኑኑ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ማስረጃ ቢጠየቁ ይጠቅማል። አዲሱ የቀጠሮ ወረቀት እስኪደርስ አሮጌውን አይጣሉት።