መድን ሙስሐፍ ላይ በዓይን መለየት፦ በሱረቱል ቁረይሽ

«አሰላሙ ዓለይኩም። የመድ ዓይነቶችን ስም ሸምድጃለሁ። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሀረካ እንደሚሳብም አውቃለሁ። ግን ሙስሐፍ ስከፍት የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋብኛል። በዓይኔ እንዴት ነው የምለየው?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ እህቴ። ስሞቹን ለጊዜው ተያቸው። ጀማሪዎችን ሳቀራ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ስሙን ሁሉ በቃሉ ይዞ የመጣ ልጅ አንድ መስመር ስሰጠው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። የሚያስፈልግሽ ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ የመድ ፊደሉን አግኚ፣ ቀጥሎ ከእሱ በኋላ ምን እንደመጣ እዪ። ስሙ ከዚያ ራሱ ይመጣል። የምነግርሽ በሐፍስ ዐን ዓሲም፣ በሻጢቢያ መንገድ የሚቀራውን ነው። ምልክቶቹ ደግሞ አብዛኞቻችን እጅ ላይ ያለው የመዲናው ሙስሐፍ ምልክቶች ናቸው። ሙስሐፍሽ የሕንድና የፓኪስታን ሕትመት ከሆነ ምልክቶቹ ትንሽ ይለያሉ።

የመድ ፊደል ሦስት ነው። ከፈትሓ በኋላ የመጣ አሊፍ፣ ከዶማ በኋላ የመጣ ዋው፣ ከከስራ በኋላ የመጣ ያ። በመዲናው ሙስሐፍ እነዚህ ዋውና ያ ባዶ ናቸው፣ ምንም ምልክት አልተጻፈባቸውም። ዋዉ ወይም ያው ላይ የሱኩን ምልክት ካየሽ የመድ ፊደል አይደለም ማለት ነው። ይህችን ያዢያት፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን። ሌላው ደግሞ ትንንሾቹ ፊደላት ናቸው። ከፊደል በላይ የቆመች ትንሽ አሊፍ፣ ትንሽ ዋው፣ ትንሽ ያ። መጠናቸው አያታልልሽ፣ ልክ እንደ ትልቆቹ ይሳባሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆንን ሰዎች የራሳችን ችግር አለብን። በቋንቋችን ፊደል ይጠብቃል ይላላል እንጂ አናባቢ በርዝመት ትርጉም አይለይም። ስለዚህ ጆሯችን ሸዳን ቶሎ ይይዛል፣ ሁለት ሀረካን ግን ይዘለዋል። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ይህ ብዙም አያስቸግረው፣ ምክንያቱም በኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢ ይለያል። እኛ ግን «ቃለ» የሚለውን መጨረሻውን ሳናስበው እንስበዋለን። ላሙን ከሳብሽው ደግሞ «አለ» መሆኑ ቀርቶ «ሁለቱ አሉ» ይሆናል። ሱረቱል ሐሽር ላይም «ለአንቱም አሸድዱ» የሚለው የመጀመሪያው ላም ከተሳበ «በእርግጥ እናንተ» የነበረው «አይደላችሁም» ወደሚል ይዞራል። እና አጭሩን አጭር ማድረግ ከረጅሙ እኩል ትኩረት ይፈልጋል።

የሁለት ሀረካ ልክ ሁለት አጭር ፊደል ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ነው። «በ በ» ብለሽ ያለፈውን ጊዜ «ባ» ላይ ታሳልፊዋለሽ። በፍጥነት ስትቀሪ ሀረካው ያጥራል፣ በዝግታ ስትቀሪ ይረዝማል፣ ዋናው በአንድ አቀራር ውስጥ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጣት እያጠፉ መቁጠር ለመጀመሪያ ሰሞን ይረዳል። ልኩን የምታገኚው ግን ከኡስታዝሽ አፍና ደጋግሞ ከመስማት ነው። እኔ ለጀማሪ የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቅጂ ነው የምመርጠው። ሳይቸኩሉ እኩል እኩል ስለሚስቡ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል።

አሁን ሙስሐፉን ክፈቺና ሱረቱል ቁረይሽን አውጪ። አራት አጭር አያ ነው፣ ግን የሚያስፈልግሽ አብዛኛው መድ እዚያ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ሱራውን ሳትቀሪ በዓይንሽ ብቻ እዪው። ከፊደል በላይ የተኛች ጠመዝማዛ ሰረዝ ፈልጊ። ሁለት ቦታ ብቻ ታገኛለሽ። ያቺ ሰረዝ «ይህ መድ ከሁለት ሀረካ በላይ ነው» ማለቷ ነው። ሰረዝ የሌለበት የመድ ፊደል ስትቀጥዪ ሁለት ነው፣ ሦስተኛው አያ ላይ ከማሳይሽ አንድ ሁኔታ በቀር። ጀማሪ ግራ የሚጋባበትን አብዛኛውን ነገር ይህች አንድ ምልክት ትፈታልሻለች።

«ሊኢላፊ ቁረይሽ»። ሐምዛው ከስራ አለው፣ ቀጥሎ ባዶ ያ አለ፣ ሰረዝ የለም፣ ስለዚህ ሁለት። ላሙ ላይ ትንሽ አሊፍ ቆማለች፣ እሷም ሁለት። ሐምዛ ቀድሞ የመድ ፊደል ሲከተለው መዱል በደል ይባላል፣ በሐፍስ ግን ልኩ ከተራው መድ አይለይም። «ቁረይሽ» ላይ ስትደርሺ ያው ሱኩን ተጽፎበታል፣ በፊቱ ያለውም ፈትሓ ነው። ይህ ቅድም ያልኩሽ ነው፣ የመድ ፊደል ሳይሆን የሊን ፊደል ይባላል። ሳትቆሚ ካለፍሽ አይሳብም። ከቆምሽበት ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ትስቢዋለሽ። ይህን ሙስሐፉ አይነግርሽም። በመቆምሽ የመጣ ስለሆነ ምልክት የለውም።

ሁለተኛው አያ «ኢላፊሂም» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ያዋ ትንሽ ናት፣ ብዙ ሰው ያልፋታል፣ ሁለት ሀረካ መሳብ አለባት። ከዚያ «ሪሕለተሽ ሺታኢ»። አሊፉ ላይ ሰረዝ አለ። ቀጥሎ ምን መጣ? ሐምዛ። የት? እዚያው ቃል ውስጥ። ይህ መዱል ሙተሲል ነው፣ አራት ወይም አምስት ሀረካ። «ወስሰይፍ» ላይ ስትቆሚ እንደ «ቁረይሽ» ሊን ነው።

«ፈልየዕቡዱ» ላይ ዋዉ ባዶ ነው፣ ሁለት። ከእሱ በኋላ ያለው አሊፍ ላይ ክብ ዜሮ ታያለሽ። ክብ ዜሮ ሱኩን አይደለም፣ «ይህ ፊደል አይነበብም» ማለት ነው። በመዲናው ሙስሐፍ ሱኩን ነጥብ የሌላት ትንሽ የኻ ራስ ትመስላለች። ሁለቱን አታምታቺ። «ሃዘ አል-በይት» የሚለው ደግሞ ጥሩ ትምህርት ነው። የመጀመሪያዋ ትንሽ አሊፍ ሁለት ትሳባለች። መጨረሻ ላይ ያለው አሊፍ ግን ተጽፎ እያየሽው አይሳብም፣ ከኋላው ሱኩን ያለው ላም ስለመጣ በቅጥያው ይወድቃል፣ «ሃዘልበይት» ትያለሽ። ሌላ ሱራ ላይ የምታገኚው «ፊል አርድ»ም እንዲሁ ነው፣ «ፊ» ብለሽ አትስቢውም።

አራተኛው አያ «አልለዚ አጥዐመሁም»። ሁለተኛዋ ሰረዝ እዚህ ያው ላይ ናት። ከእሱ በኋላ ሐምዛ አለ፣ ግን ሐምዛው የቀጣዩ ቃል መጀመሪያ ነው። ይህ መዱል ሙንፈሲል ነው፣ እሱም በዚህ መንገድ አራት ወይም አምስት ነው። ትንፋሽ አጥሮሽ «አልለዚ» ላይ ብትቆሚ ሐምዛው ስለማይደርስበት ወደ ሁለት ይመለሳል። «ሺታእ» ላይ ብትቆሚ ግን ሐምዛው እዚያው ስለሆነ መዱ እንዳለ ይቆያል። «ጁዕ» ስታልፊበት ሁለት። «ወአመነሁም» ሐምዛና አሊፍ፣ ሰረዝ የለም፣ በደል ነው፣ ሁለት። «ኸውፍ» ሊን።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሙተሲሉን አራት ካደረግሽ ሙንፈሲሉንም አራት አድርጊ። አምስት ከሆነም ሁለቱም አምስት። ስልክሽ ላይ ቅጂና «ሺታኢ»ን እና «አልለዚ»ን አስተያዪ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ረዝሞ ሁለተኛው አጥሮ ይገኛል፣ ምክንያቱም ቃል ሲያልቅ መቸኮል አለ።

በዓይን የሚያሳስቱ ሁለት ቦታዎችም አሉ። «ያ አዩሃ» ሙስሐፍ ላይ ተቀጥሎ ስለተጻፈ አንድ ቃል ይመስላል። «ያ» ግን የመጥሪያ ቃል ናት፣ ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ ስለዚህ ሙንፈሲል ነው። «ሃኡላኢ» ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰረዝ አለ፣ የመጀመሪያው ሙንፈሲል፣ ሁለተኛው ሙተሲል። ሁለቱን እኩል ስለምትስቢያቸው በስሙ ብትሳሳቺም ቂርኣትሽ አይበላሽም።

ሱረቱል ቁረይሽ ውስጥ የሌለውን ከፋቲሓ እንውሰድ። «ወለድ ዳልሊን»። አሊፉ ላይ ሰረዝ አለ፣ ከእሱ በኋላ ግን ሐምዛ የለም፣ ሸዳ ያለው ላም ነው። ሰረዝ ካየሽና የተከተለው ሸዳ ወይም ዘወትር የማይለቅ ሱኩን ከሆነ መዱል ላዚም ነው፣ ስድስት ሀረካ፣ ምርጫ የለውም። ሱኩኑ ያለ ሸዳ የሚመጣበት ቃል ጥቂት ነው፣ ሱረቱ ዩኑስ ላይ ሁለት ቦታ የምታገኚው «አል-አነ» ነው። እንደ «አሊፍ ላም ሚም» ያሉ የሱራ መክፈቻዎችም ሰረዛቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አሊፉ አይሳብም፣ ላሙና ሚሙ ስድስት ስድስት ናቸው።

እዚያው «ዳልሊን» መጨረሻ ላይ ያለው ያ ደግሞ ሌላ ነው። ባዶ ያ ነው፣ ብትቀጥዪ ሁለት ነበር። ስትቆሚ ኑኑ ሱኩን ይሆንና መዱል ዓሪድ ሊስሱኩን ይባላል፣ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት። የመረጥሽውን እስከ መጨረሻ ያዢ። አንዱን አያ ሁለት፣ ቀጣዩን ስድስት ማድረግ አቀራሩን ያንገዳግደዋል። እኔ ጀማሪን አራት ላይ አስይዘዋለሁ፣ ትንፋሽም አይጨርስም፣ ከሁለቱም በጆሮ ይለያል።

«ዳልሊን» ላይ ስድስቱ ሲረዝም ድምፅ ወደ አፍንጫ ይሸሻል። በተለይ ኑን ቀጥሎ ስለሚመጣ ያው ላይ ቀድሞ ይገባል። ለማወቅ እየሳብሽ አፍንጫሽን በሁለት ጣት ያዢው። ድምፁ ካልተለወጠ ልክ ነሽ። ከታፈነ ከአፍንጫ ነው የምታወጪው። «ሺታእ» ላይ ደግሞ መዱ በደንብ ተስቦ ሐምዛው ሲዋጥ እሰማለሁ። አራቱን ሀረካ ያመጣው ሐምዛው ነው፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት።

ይህን ከያዝሽ ሱረቱል ማዑንን ውሰጂ። ሰረዝ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፣ ስድስተኛው አያ ላይ «ዩራኡን» የሚለው። ሁሉም አያ መጨረሻው ላይ ስትቆሚ ዓሪድ ነው። «ፈወይሉን» ውስጥ ያለው ያ ደግሞ ሱኩን ስላለውና ስለማትቆሚበት አይሳብም። ሰረዙ ያለው መድ ሙተሲል ይሁን ሙንፈሲል ራስሽ ለይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ በፊት ግን ኡስታዝሽ ፊት ቅሪው።