ማሽኑ ሲዘፍን ሂሳቡን ማን ያያል? የስሎት ጥያቄና መልስ

ታዛቢው፦ ስሎት የሚባሉትን፣ መዘውር እየዞረ ምልክቶች ሲገጥሙ የሚከፍሉትን የቁማር ማሽኖች ሂሳብ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። ጠይቁኝ። "የቱ ማሽን ይከፍላል?" ለሚል ግን መልስ የለኝም።

ሄለን፦ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ "አሸነፍሽ" እያለ ያበራል፣ ይዘፍናል። ክሬዲቴ ግን ያልቃል። ነገሩ እንዴት ነው?

ታዛቢው፦ ይሄ የእኔ ጉዳይ ነው፣ ረዘም ላድርገው። 20 መስመር ያለው ማሽን ላይ ነሽ እንበል። በየመስመሩ 1 ክሬዲት ካስያዝሽ አንዱ ዙር 20 ያስወጣሻል። ከዚያ አንዱ መስመር ላይ ምልክቶች ገጠሙና 6 ከፈለሽ። 14 ከስረሻል። ማሽኑ የሚያሳይሽ ግን 6ቱን ነው፤ ያውም አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ በሙዚቃ አጅቦ። 14ቱን የሚነግርሽ የለም።

አሥር ዙር እንይ። በ400 ጀመርሽ። ማሽኑ በተራ 0፣ 6፣ 0፣ 10፣ 0፣ 0፣ 35፣ 0፣ 4፣ 0 ከፈለሽ። አራት ጊዜ ተዘፈነልሽ። ያተረፍሽው ግን 35 የከፈለሽ ጊዜ ብቻ ነው። 200 አስይዘሽ 55 ተመለሰልሽ፣ እጅሽ ላይ 255 ቀረ። ስንቴ አሸነፍሽ ቢሉሽ ግን "አራቴ" ማለትሽ አይቀርም።

የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት የተጫዋቾችን የእጅ ላብ ለክተው ነበር። ሰውነታቸው ለእንዲህ ያለው ኪሳራ የሰጠው ምላሽ ለእውነተኛ ድል ከሰጠው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ደግሞ ድምፁን ቀየሩት። ኪሳራው እንደ ኪሳራ ሲጮህ፣ ሰዎቹ ስንቴ እንዳሸነፉ የሚገምቱት ወደ እውነቱ ተጠጋ። ስለዚህ የድል ቁጥሩን ተይው። ቀሪ ክሬዲትሽን ከዙሩ በፊትና በኋላ እይ።

ብሩክ፦ አንድ መስመር ብቻ ብጫወት ከዚህ ሁሉ እድናለኋ?

ታዛቢው፦ ከዚህኛው፣ በአብዛኛው አዎ። እዚያ ትንሹ ክፍያ ብዙ ጊዜ ካስያዝከው አያንስም። "ለጥቂት አመለጠኝ" የሚባለው ግን እዚያም ይጠብቅሃል።

ዮናስ፦ እሱን ልጠይቅ ነበር። ሁለት ጃክፖት መስመሩ ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛው አንድ ቦታ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሊከፍል ሲል ነው አይደል?

ታዛቢው፦ አይደለም። ኢንጌ ቴልኔስ የተባለ ሰው በ1984 ባስመዘገበው ፈጠራ ዓይንህ የሚያየው መዘውርና ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ቁጥር ተለያዩ። የምታየው መዘውር 22 ማቆሚያ አለው እንበል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከ64 ቁጥር ነው የሚያወጣው። ለጃክፖቱ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። ከእሱ ከላይና ከታች ላሉት ባዶ ቦታዎች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት፤ ባዶው መስመሩ ላይ ሲቆም ጃክፖቱ ልክ ከጥጉ ይታይሃል። እንግዲህ ቁጠረው፦ ጃክፖቱ መስመሩ ላይ አንዴ በሚቆምበት፣ ከመስመሩ ጥግ አሥር ጊዜ ይቆማል። ሦስቱም መስመሩ ላይ የመቆም ዕድላቸው ከ262,144 አንድ ነው። አንተ 22 ቦታ አይተህ ከ10,648 አንድ ይመስልሃል። ቀጣዩ ዙር ደግሞ ስላለፈው ምንም አያውቅም።

ካሳሁን፦ እኔ ማሽን ሲሞቅ አውቃለሁ። ከሁለት "ለጥቂት" በኋላ ወስጄ አውቃለሁ።

ማርታ፦ ጋሽ ካሳሁን፣ የወሰዱባትን ቀን ነው የሚያስታውሱት። ባዶ እጅዎን የወጡበትንስ?

ካሳሁን፦ አንቺ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?

ማርታ፦ ወንድሜ ይበቃኛል። ደግሞ ይሄ "ለጥቂት" የሚባለው ተከልክሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ታዛቢው፦ ጋሽ ካሳሁን፣ ማሽን አይሞቅም፤ ከላይ ተናግሬያለሁ። ማርታ፣ ግማሹ ልክ ነሽ። በ1989 የኔቫዳ ተቆጣጣሪዎች የአንድ አምራች ዘዴ ላይ ፈርደዋል። ያ ማሽን መጀመሪያ መሸነፍህን ይወስናል፣ ከዚያ ለዓይን "ለጥቂት" የሚመስል ምስል መርጦ ያስቀምጣል። ለዮናስ የነገርኩት የቁጥር አከፋፈል ግን አልተነካም። ውጤቱ ለዓይን ያው ሆኖ ሳለ አንዱ ተከልክሎ ሌላው መፈቀዱ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ብሩክ፦ አይዋጥልህ እንጂ ልዩነት አለው። አንደኛው ምስሉን ይፈበርካል፣ ሌላው የወጣውን ያሳያል።

ታዛቢው፦ በሕግ ዓይን አዎ። አሥር ለአንድ ያከፋፈለውስ ማነው?

ሰናይት፦ የኳስ ውርርድ ላይስ እንዴት ነው?

ታዛቢው፦ ጥያቄው ስለ ስሎት ነው።

አቤል፦ በየትኛው ሰዓት ቢጫወቱ ይሻላል?

ታዛቢው፦ መግቢያውን አንብብ።

ሄለን፦ ድምፁን ባጠፋውስ?

ታዛቢው፦ ጥሩ ጥያቄ። ጥቂት ይረዳል፤ መብራቱና ወደ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር ግን ይቀራል። ብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ በኦንላይን ስሎት ላይ ሁለቱንም ከልክላለች፦ የተመለሰው ካስያዝሽው ካልበለጠ በድምፅም በምስልም እንደ ድል ማድመቅ አይቻልም። አንቺ የምትጫወችው ያን ሕግ ይከተል እንደሆነ ለማወቅ 20 አስይዘሽ 6 ሲከፍልሽ ምን እንደሚያደርግ እይው።

ዮናስ፦ ትናንት ግን ሦስተኛው ጃክፖት በአንዲት ጣት ነው ያለፈኝ።

ታዛቢው፦ ዮናስ!