ነጭ ቀሚስ በፎቶ ሲነጣ

«ጅማ ውስጥ እህቴን በሀበሻ ቀሚስ ሳነሳት ቀሚሱ ወረቀት መሰለ፣ ጥለቱም አይታይም። ነጠላውስ እንዴት ይደረግ?»

ወንድሜ፣ ከነጠላው ልጀምር። ለደስታ ከሆነ ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ አንገት ላይ መጠምጠም የሐዘን አለባበስ ነው፤ ፎቶውን የሚያዩ እናቶች መጀመሪያ የሚያስተውሉት ይሄንን ነው። አንዱን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጥለህ የነጠላው ጥለት ከቀሚሱ ጥለት ጎን እንጂ በላዩ እንዳያርፍ አድርገው፤ ከተደራረቡ ሁለቱም ይጠፋሉ።

የነጣው በቀትር ፀሐይ ስላነሳሃት ይመስለኛል። እኔም ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ አንዲት ሚዜ ሳሩ ላይ አቁሜ ተሳስቻለሁ። ቀሚሷ ከላይ ነጣ፣ ከታች ደግሞ የሳሩን አረንጓዴ ጠጣ። ከዚያ ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ፣ ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብቼ ፊቷን በከፊል ወደ ውጭ አዞርኳት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የሽመናው ክር አንድ በአንድ ታየ።

በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ሳይሆን ቀሚሱን ንካና ክሩ እስኪታይ ብርሃኑን ቀንስ። ፊቷ ይጠቁራል፤ ያኔ አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ከፊት ለፊቷ፣ ከደረቷ ዝቅ አድርጎ ይያዝላት።

ፀሐይን ከጀርባዋ ካደረግህ ነጠላው ያምራል፣ ግን ስስ ቀሚስ እግር ያሳያል። ከውስጥ የቆዳዋን ቀለም የሚመስል ጉርድ ትልበስ፤ ነጭ ጉርድ ጠርዙ ይታያል።