መለዋወጫ መጋዘን፦ ዞን ወይስ ባች? ገላን ላይ ያየሁትን ልንገርህ

«ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ዱከም የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ወደ 2,000 አይተም አለን፣ በቀን 40 ገደማ ኦርደር ይወጣል፣ የሚለቅሙት 4 ልጆች ናቸው። አለቃዬ በዞን እንከፋፍላቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ብቻ ይልቀም ይላል፣ እኔ ብዙ ኦርደር በአንድ ዙር መልቀም፣ ባች ይሻላል ባይ ነኝ። የቢን ቁጥርም ገና እየለጠፍን ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።»

ወንድሜ እኔም ገላን እንዳንተው መለዋወጫ ላይ ነበርኩ፣ እቃችን ሶማሌ ተራ ላሉ ሱቆችና ለክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ነበር የሚሄደው፣ ያንተም እንደዛ ነው ብዬ ነው የምመልስልህ። አለቃህ ተሳስቷል ማለት ባልፈልግም ተሳስቷል። አንተም ደግሞ የፊቱን ትተህ የኋላው ላይ ነው የምትከራከረው። በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ቢን ቁጥሩ ገና ካላለቀ እሰየው፣ አሁኑኑ አስተካክለው። አድራሻው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሂድ፦ መተላለፊያ፣ ራክ፣ ደረጃ፣ ቢን። `03-07-B-2` ካልክ ሦስተኛው መተላለፊያ፣ ሰባተኛው ራክ፣ ከወለል ሁለተኛው ደረጃ፣ ከግራ ሁለተኛው ቢን ማለት ነው። ዜሮዋን አትዝለላት፣ ያለሷ ሶርት ስታደርግ 10ኛው ከ2ኛው ፊት ይመጣብሃል፣ ደግሞ `3-7`ም ይሁን `03-07` ብለህ ብቻ ከተየብክ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ ይቀይረዋል። ከፊደል `I` እና `O`ን ተዋቸው፣ ከ1 እና ከ0 ጋር ይምታታሉ። ጎዶሎ ቁጥር ራኮች በግራ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በቀኝ ይሁኑ፣ ልጁ በመሃል እየሄደ ግራና ቀኝ ያነሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፣ የቢን ቁጥሩና የጉዞ ተራው አንድ አይደሉም። ልጁ መተላለፊያ 03ን ከበሩ በኩል ገብቶ ከጨረሰ በኋላ 04ን ከጀርባ ጀምሮ ወደ በሩ ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ 04 ውስጥ ትልቁ ራክ ቁጥር መቅደም አለበት። ዝርዝሩን በቢን ቁጥር ሶርት ካረከው ግን 04 ላይ ባዶውን ወደ በሩ ተመልሶ እንደገና ይገባል። ኤክሴልህ ላይ ሌላ ኮለም ጨምርና ለእያንዳንዱ ቢን የጉዞ ተራ ስጠው፣ 10፣ 20፣ 30 እያልክ፣ ኋላ መሃል ላይ ራክ ስትጨምር የምታስገባበት ቦታ እንዲኖርህ። የመልቀሚያ ዝርዝሩ በዛ ይደርደር።

«የፊልተር ሼልፍ» «የፍሬን ሸራ ጥግ» የሚባል ስም ደግሞ ከነገ ጀምሮ ይቅር። ፊልተሩ ሲበዛና ሲዛወር ስሙ እዛው ይቀራል፣ አዲስ ልጅ ሄዶ ጥጉ ላይ ቆሞ ይፈልጋል። እኛ ጋ ሁሉን በቃሉ የሚያውቅ አንድ የቆየ ሰውዬ ነበር፣ ለቅሶ የሄደ ቀን መጋዘኑ ቀጥ ይላል፣ አለቃችን ግን «እሱ እያለ ቁጥር ምን ያደርጋል» ይል ነበር።

2. እቃ አገባብ። ኧረ ይሄ ነው ብር የበላን። ሁሉም ሰው ስለ መልቀም ያወራል፣ የሚለቀመው ግን ያስቀመጥከው ነው።

አንዴ ከሞጆ አመሻሽ ላይ ኮንቴይነር ገባ፣ ፊልተር፣ የፍሬን ሸራ፣ ሾካብሶርበር ምናምን የተቀላቀለበት። ጫኝና አውራጆቹ በጥቅል ነው የተነጋገሩት፣ ስለዚህ ቶሎ አራግፎ መሄድ ነው የሚፈልጉት፣ ካርቶኑን ባገኙት ባዶ ቦታ ይከምሩታል፣ መተላለፊያው ውስጥ ሳይቀር። እኔ እዛው ቆሜ ቢያንስ ካርቶኑ የተቀመጠበትን ቢን እንመዝግብ፣ ግማሹ ነገ ይግባ ብዬ ተሟገትኩ። የሽያጭ ኃላፊው ግን (አነጋገሩ አሁንም ያናድደኛል) «አንተ ካርቶን ቁጠርና ፈርም፣ ቦታውን በኋላ ትጽፉታላችሁ» አለኝ፣ እዛው ሠራተኛ ፊት። ጠዋት ላይ ሞዴል 19 ተቆርጦ ሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። በቃ ሲስተሙ «አለ» ይላል፣ ሽያጭ ይሸጣል፣ ልጆቹ ዝርዝር ይዘው ይወጣሉ፣ እቃው የለም። አለ'ኮ፣ ግን ከባትሪ ጀርባ ይሁን ከባምፐር ስር ማን ይወቀው። ደንበኛው አዋሳ መኪና አቁሞ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ምን ተደረገ መሰለህ፣ እኛው አስመጪዎቹ ሶማሌ ተራ ሄደን የራሳችንን ፊልተር ከደንበኛችን ላይ በችርቻሮ ዋጋ ገዝተን ላክን። ኋላ ቆጠራ ላይ ካርቶኖቹ ሲገኙ ጥፋቱ የስቶር ነው ተባለ። እኔ ግን ማስታወሻ ጽፌ አስፈርሜ ነበር፣ ኮፒውም ኪሴ ነበር።

ከዛ በኋላ ሕጉን እኔ አወጣሁ፣ እስከዛሬም የሚሠራ ይመስለኛል። የገባ እቃ መጀመሪያ ወለል ላይ በቀለም በተከለለ የመረከቢያ ቦታ ይቀመጣል፣ እሱም ራሱ `RCV-01` የሚባል አድራሻ አለው። ቢን ውስጥ ገብቶ ቢን ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ለሽያጭ አይታይም። አስቀማጩ ቁጥሩን ጓዳ ሄዶ አይደለም የሚጽፈው፣ ቢኑ ፊት ቆሞ ከለጠፍከው ላይ እያነበበ ነው፣ እዛው ቢን ካርዱም ላይ ያስገባል።

የት ይቀመጥ ላልከው (አላልክም ግን ትላለህ) እያንዳንዱ አይተም ለመልቀሚያ አንድ ቋሚ ቢን ይኑረው፣ ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠራው፣ ከባዱ ወደ ታች፣ በዓመት አንዴ የሚጠየቀው ወደ ላይና ወደ ጥግ። ብዙ ጊዜ የሚጠራ ስልህ ብዙ ፍሬ የሚሸጥ ማለቴ አይደለም፣ ስንት ኦርደር ላይ ስሙ ይወጣል ነው ጥያቄው። አንድ ነጋዴ በወር አንዴ 500 ቦሎን ቢወስድ ልጁ የሚሄደው አንዴ ነው። የተረፈው ካርቶን ደግሞ ባዶ የሆነ ማንኛውም የላይ ቢን ውስጥ ይግባ፣ ቦታ አታስይዝለት፣ ቁጥሩ ግን ይጻፍ። የሒሳብ ሶፍትዌራችሁ እንደኛው ለአንድ አይተም አንድ ቦታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ቋሚውን እዛ ጻፍ፣ የተረፈውን በኤክሴል ያዝ።

ሁለት የሚመሳሰሉ እቃዎች ጎን ለጎን አይቀመጡ፣ አንድ ቢን ውስጥማ በፍጹም። የቪትዝና የኮሮላ የዘይት ፊልተር በካርቶን ተመሳስለው ጎረቤት ከሆኑ በሳምንት ውስጥ ይደበላለቃሉ። በፓርት ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር ቆንጆ ይመስላል፣ ግን የሚያቀራርበው በትክክል እነዚህን መንትዮች ነው። በመሃላቸው ቀበቶም ይሁን አምፖል የማይመስላቸውን ነገር አስገባ።

3. አሁን ወደ ጥያቄህ። 40 ኦርደር በ4 ልጅ አልክ፣ አንዱ ኦርደር 12 መስመር ገደማ፣ ማለት 12 ዓይነት እቃ አለው እንበል። አንድ በአንድ ከለቀሙ እያንዳንዱ ኦርደር መጋዘኑን ከሞላ ጎደል ያዞራል፣ ማለት 8 ኦርደር 8 ዙር ነው። ባች ስታረገው ጋሪ ላይ 8 ክሬት ደርድረህ ቁጥር ትለጥፋለህ፣ የስምንቱ ኦርደር 96 መስመር በአንድ ዝርዝር ይወጣል፣ ልጁ አንድ ዙር ይሄዳል። ከ96ቱ ብዙዎቹ አንድ ቢን ላይ ይገናኛሉ፣ 60 ቢን ብቻ ሊነካ ይችላል። ባይገናኙም እንኳን ዙሩ አንድ መሆኑ ብቻውን ያዋጣል፣ ምክንያቱም ጊዜ የሚበላው እጅ ዘርግቶ ማንሳቱ ሳይሆን መሄዱና መፈለጉ ነው።

ዝርዝሩ እንዲህ ይውጣ፦ `03-07-B-2` ድምር 9፣ ክሬት 1 ላይ 2፣ ክሬት 4 ላይ 6፣ ክሬት 7 ላይ 1። ልጁ መጀመሪያ 9ኙን ቆጥሮ ያወጣል፣ ከዛ ያድላል። እጁ ላይ አንድ ከተረፈ ወይ ካነሰው እዛው ቢኑ ፊት ስህተቱን ያውቃል። ሁሉን አንድ ላይ አፍሶ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ መለየት ግን እናንተ ጋ አይሞከር፣ ያኔ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፊልተር ይተርፋል፣ የማን እንደጎደለም አታውቅም። ባቹንም በመኪና መውጫ ሰዓት ከፋፍለው፣ የአዋሳውን ከከተማው ጋር ካቀላቀልከው የአዋሳው ሾፌር የከተማውን ክሬት እየጠበቀ ይሰድብሃል። አንዱ ነጋዴ ብቻውን 80 መስመር ካዘዘ ደግሞ ጋሪውን እሱ ይሞላዋል፣ ለብቻው ይለቀም።

ዞንን ስለማላውቀው አይደለም የምቃወመው። ያው የሽያጭ ኃላፊ ዱባይ ያየው መጋዘን አለ፣ እንደዛ ይሁን ብሎ መጋዘኑን በካሬ እኩል ለሦስት ከፈለው። ካሬው እኩል ነው፣ ሥራው ግን አይደለም፣ ፊልተርና የፍሬን ሸራ ያለበት ዞን ላይ ያለው ልጅ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ባምፐርና ኮፈን ያለበት ልጅ ስልኩን ይጎረጉራል። አንዱ ኦርደር ሦስት ቦታ ተለቅሞ አንድ ቦታ መገናኘት ስላለበት ሁሉም የመጨረሻውን ዞን ይጠብቃል፣ ማገናኛው ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ግማሽ ኦርደር ይከመራል፣ ከዛ የአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ካርቶን ይገባል። በ4 ልጅ ደግሞ አንዱ ከታመመ አንድ ዞን ተዘጋ ማለት ነው።

አለቃህን ማሳመን ከፈለግክ ያለፈውን ወር ሞዴል 22 አውጣና በየመተላለፊያው ስንት መስመር እንደወጣ ቁጠርለት። ዞን የግድ ቢሆን እንኳን የሚከፈለው በዛ ነው፣ በካሬ አይደለም። ዞን እውነት የሚያስፈልገው እቃው ሌላ ዓይነት አያያዝ ሲፈልግ ነው፣ ፎርክሊፍት የሚፈልገው ሞተርና ጊርቦክስ፣ ወይ ቁልፍ ያለበት ውድ ውዱ። እሱን ለአንድ ልጅ ለይተህ ስጠው፣ ሦስቱ ትንንሹን በባች ይልቀሙ። አለቃህም ዞኔን አገኘሁ ብሎ ዝም ይላል፣ እኔ ጋ ሠርቷል።

4. ባዶ ቢን። ዝርዝሩ 6 አለ እያለ ቢኑ ባዶ ከሆነ ልጁ ሌላ ቦታ እየዞረ አይፈልግ፣ መስመሩን ክብ አድርጎ ይለፈው፣ አንተ በዚያው ቀን ክብ የተደረጉትን ቢኖች ብቻ ቁጠር። ክቦቹ አንድ መተላለፊያ ላይ ከበዙ መልቀሙ ላይ ሳይሆን እዛ መተላለፊያ ያስቀመጠው ሰው ላይ ነው ችግሩ።

መለጠፉን ከሰኔ 30 ቆጠራ ጋር አያይዘው፣ ያኔ ሽያጭ ስለሚቆም ማንም አይጨቀጭቅህም፣ ቆጣሪዎቹ እግረ መንገዳቸውን ቢን ቁጥሩን ከብዛቱ ጎን ይጽፉልሃል። ስቲከሩን በተራ ወረቀትና ስኮች አትለጥፍ፣ አቧራው ያነሳዋል። ደረጃ ለይቶ የሚያሳይ ቀስትም ይኑረው፣ ብረቱ ላይ የለጠፍከው የላዩን ይሁን የታቹን ቢን እንደሆነ ካልታወቀ ልጆቹ ይጣሉበታል።