የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ብላ ታምናለች?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ኅዳር 12 ሴት ልጅ ወልጄ ክርስትና ልናስነሳት እየተዘጋጀን ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ፕሮቴስታንት ሆኗል። «አምኖ የተጠመቀ ይድናል ነው የሚለው፤ ይቺ ሕፃን ምን አውቃ ታምናለች?» ይለኛል። በ40 ቀኑ የተጠመቀው አይቆጠርም ብሎ እንደገና ሊጠመቅ ነው። መልስ አጣሁ። ደግሞ ልጄ ሰሞኑን አሟት ነበርና፣ ቀኗ ሳይደርስ አንድ ነገር ብትሆንስ ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥምና።

ልጅሽ በጠና ከታመመች 80 ቀን አትጠብቂ። ወደ ሐኪም ውሰጃት፣ ለንስሐ አባትሽም ደውዪ። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካለ ሕፃን በሦስተኛ ቀኑም ይጠመቃል። ይህ ሥርዓቱ ራሱ የሚፈቅደው ነው። መንዝ ውስጥ ሳስተምር በ12ኛ ቀኑ ትንፋሽ ያጠረው ወንድ ልጅ ነበር። አያቱ «አርባ ሳይሞላው እንዴት ተደርጎ!» ብለው በር ላይ ቆሙ። ቄሱ ተቆጥተው፣ «እማማ፣ ቀኑ ለልጁ ነው እንጂ ልጁ ለቀኑ አይደለም» አሏቸው። ማታውኑ ተጠመቀ። ዛሬ በግ ጠባቂ ነው፣ ተንኮሉ መንደሩን አስመርሯል።

ሕመም ከሌለ ግን ቀኑን ጠብቂ። ኅዳር 12ን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ኅዳር 30 ላይ 19 ትደርሻለሽ፣ ታኅሣሥ 30 ላይ 49፣ ጥር 30 ላይ 79። ስለዚህ ሰማንያዋ የካቲት 1 ነው። ቁጥሩ የመጣው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው። ወንድ የወለደች እናት 7 እና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 እና 66 ቀን ቆይታ ወደ መቅደስ ትመጣለች። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። አባቶቻችን ሁለቱን አገናኝተው አነበቡት፦ ልጅቱ ሔዋን ባጣችው በር ተመልሳ ትገባለች። ሴት ስለሆነች ታንሳለች ማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ «መናፍቅ» ብለሽ አትዝጊው።

ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነገር አለ። ከሌላ እምነት የመጣ ጎልማሳ አስቀድሞ ተምሮ፣ አምኖ፣ ከዚያ ይጠመቃል። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ንዑሰ ክርስቲያን ተብሎ ይማራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ያጠመቀው የኛው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የዚህ ምሳሌ ነው። ወንድምሽ የሚጠቅስልሽ ጥቅሶች አብዛኞቹ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ክርክሩ የሚነሣው ከአማኝ ቤት ስለተወለደ ልጅ ነው። እዚህ ላይ አዲስ ኪዳን «ሕፃን እገሌን አጠመቁት» ብሎ በስም የጻፈው የለም፤ ይህን መካድ አይገባም። የተጻፈው ልድያ ከቤተሰቧ ጋር፣ የወኅኒ ጠባቂው ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር እንደተጠመቁ ነው። በዚያ ቤት ሕፃን ነበረ የሚለው የእኛ ግምት ነው፤ አልነበረም የሚለውም ግምት ነው። በሌላ በኩል፣ ከክርስቲያን ተወልዶ እስኪያድግ እንዲጠብቅ የተደረገ ልጅም በአዲስ ኪዳን የለም።

ስለዚህ ነገሩ በጥቅስ ቆጠራ አያልቅም። መጠየቅ ያለበት ጥምቀት ራሱ ምንድን ነው የሚለው ነው።

የወንድምሽ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምረው ጥምቀት ምስክርነት ነው። ሰው ንስሐ ይገባል፣ ያምናል፣ ይድናል፤ ውሃው ያንን በሕዝብ ፊት ያሳያል። ምስክርነት ከሆነ መስካሪው ራሱ መናገር አለበት። የሰማንያ ቀን ልጅ ምስክር መሆን አትችልም። ሕፃን ሲወለድላቸው አቅርበው ይጸልዩለታል፣ ጥምቀቱን ግን ለራሱ ያቆዩለታል። ይህ አቋም በርካሽ የመጣ እንዳይመስልሽ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 1525 ዙሪክ ከተማ ውስጥ ጥቂት ሰዎች «የሕፃንነታችን ጥምቀት ጥምቀት አይደለም» ብለው እንደገና ተጠመቁ። ከእነርሱ አንዱን፣ ፌሊክስ ማንዝን፣ የከተማዋ ገዢዎች በ1527 ወንዝ ውስጥ አሰጥመው ገደሉት። ገዳዮቹም ካቶሊኮች አልነበሩም፤ ሕፃናትን የሚያጠምቁ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ዛሬም ፕሮቴስታንት ሁሉ አንድ አይደለም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ ግን አማኙ ራሱ እስኪናገር ይጠብቃሉ።

እኛ ዘንድ ጥምቀት ልደት ነው። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውሃና ከመንፈስ ካልተወለደ» ነው ያለው። ለመወለድ ደግሞ ማንም ፈቃድ ተጠይቆ አያውቅም። ልጅሽ አንቺን እናት አድርጋ አልመረጠችሽም፣ አማርኛንም አልመረጠችም። ስትወልጃት «አድጋ ከፈለገች ትጠባለች» ብለሽ ጡት አልከለከልሻትም። ጸጋው ቀድሞ ይሰጣል፣ እምነቷ በእርሱ ላይ ያድጋል። በኦሪትም የስምንት ቀን ልጅ ሲገረዝ ቃል ኪዳኑን አያውቀውም ነበር፤ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ግዝረትንና ጥምቀትን ጎን ለጎን ያነሣቸዋል።

ይሁንና በታሪክ ሁሉም ክርስቲያን ልጁን በ40 ቀን ያጠምቅ ነበር ብለሽ ወንድምሽን እንዳትሞግቺው፤ ይረታሻል። ከጥንት አባቶች አንዱ የሆነው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት አባቱ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ እርሱ ግን የተጠመቀው ካደገ በኋላ ነው። በወጣትነቱ ወደ አቴና ሲጓዝ መርከቡን ማዕበል መታው። ከሞቱ ይልቅ ሳይጠመቅ መሞቱ አስጨነቀው። በኋላ ስለ ጥምቀት ሲሰብክ፣ ለሞት የሚያሰጋ ነገር ካለ ሕፃናት ወዲያው ይጠመቁ፣ ከሌለ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ጥሩ ነው ብሎ መከረ። ከእርሱ በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ቆጵርያኖስና 66 ኤጲስ ቆጶሳት ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ተሰብስበው፣ ሕፃን እስከ ስምንት ቀን እንኳ መጠበቅ የለበትም ብለው ወሰኑ። ስለ ቀኑ አባቶች ተለያይተዋል። ሕፃን ቢጠመቅ ጥምቀቱ አይቆጠርም ያለ ግን ከነዚህ አንድም የለም።

«ታዲያ ማን ያምንላታል?» ትዪኝ ይሆናል። ወንድምሽ ጣቱን ያሳረፈው እዚህ ነው፤ እኛም የምንዝረከረከው እዚህ ነው።

የካቲት 1 ጠዋት የሚሆነውን ልብ ብለሽ እዪ። የክርስትና እናቷ ሕፃኗን ይዛ ፊቷን ወደ ምዕራብ ታዞራለች። በልጅቱ ፈንታ ሰይጣንን «እክድሃለሁ» ትላለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመኗን ትናገራለች። ካህኑ ውሃውን ባርኮ ልጅቱን ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ያጠልቃታል። የክርስትና እናቷ ከውሃው ትቀበላታለች፤ «ክርስትና ማንሳት» የምንለው ይህንኑ ነው። ከዚያ በሜሮን ትታተማለች፣ ማዕተብ ታስራለች፣ የክርስትና ስም ይወጣላታል፣ በዚያው ቀን ሥጋ ወደሙ ትቀበላለች።

እንግዲህ እምነቱ ባዶ አይደለም፣ የአፍ አደራ ነው። «እክዳለሁ፣ አምናለሁ» ያለችው ሴት፣ ልጅቱ አፍ ስትፈታ የሰጠችውን ቃል ልታስተምራት ተበድራለች። አሁን አሁን ግን ይህን አደራ የሚወስደው ማነው? ወርቅ ሐብል የሚገዛው፣ መኪና ያለው፣ ከውጭ የመጣው። ባለፈው ዓመት አንድ ጥምቀት ላይ ቆሜ ነበር። የክርስትና እናቲቱ ወደ የት እንደምትዞር አላወቀችም። ዲያቆኑ በክርኑ እየነካ አዞራት። «አምናለሁ» በይ ስትባል ዓይኗ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ላይ ነበር። ወንድምሽ ያንን ቢያይ ኖሮ ምን እመልስለት ነበር?

ስለዚህ ለድግሱ ከምታስቢው ግማሹን ለአበልጅሽ አስቢ። ለሴት ልጅ ሴት ናት የምትቆመው። የምትቆርብ፣ ቢያንስ ጸሎተ ሃይማኖትን ሳትሰናከል የምትል ትሁን። ቅርብ ትሁን፤ ደሴና አዋሳ ሆና በስልክ «ልጄ ደህና ናት?» የምትል አትበቃም። አበልጅነት ዝምድና ስለሆነ በሁለቱ ቤት ልጆች መካከል ጋብቻን ይከለክላል፤ ይህን ከወዲሁ እወቂው።

የወንድምሽ እንደገና መጠመቅ ነገር ግን ያሳዝነኛል። በእኛ እምነት ልደት አይደገምም። በጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአትን ለማስተሥረይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እንላለን። ወደ ሌላ ሄዶ የተመለሰ ሰው እንኳ ንስሐ ገብቶ በመጽሐፈ ቄደር ጸሎት ይቀበሉታል እንጂ ክርስትና አይነሣም። ባለፈው ጥር 11 በምንጃር ኢራንቡቲም ሆነ እዚያው ደብረ ብርሃን የተረጨነው ጠበል መታሰቢያና በረከት ነው፤ ማንም በየዓመቱ እየተጠመቀ አይደለም። ወንድምሽ ግን እንደ ትምህርቱ «እደግማለሁ» አይልም፤ «መጀመሪያም አልተጠመቅሁም» ነው የሚለው። ልዩነታችሁ እዚያ ላይ ነው፣ በጩኸት አይፈታም። ይልቅ የካቲት 1 ጥሪው። እንደ ክርስትና አባት ሳይሆን እንደ አጎት ይምጣ፣ በዳር ቆሞ ይይ። ቃሉን የምትሰጠውን ሴት ሰምቶ፣ ከዓመታት በኋላ ቃሏን ጠብቃ እንደሆነ ራሱ ይፈትናት።

ለማንኛውም ቀድመሽ ካህኑን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ልጅቱ ስለምትቆርብ ጡት የምታቆሚበትን ሰዓት፣ እና ስንት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን እንደምትደርሱ። የየካቲት ጠዋት በደብረ ብርሃን አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ጋቢና ደረቅ ነጭ ልብስ ያዢ፤ ከውሃው ስትወጣ የምትጠቀለልበት ከአበልጅሽ ክንድ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃት።